የሐጂ ሱቅ ሰዓት፦ ከግድግዳው ሰዓት እስከ ጎግል

ሰኞ፣ ጥር 18 ቀን 2018

ይህ ሥራ የመጣው በአንድ አርብ ምክንያት ነው። አንድ ሰው ከኮምቦልቻ ይነሳል። ዳገቱን ወጥቶ ደሴ ፒያሳ ይደርሳል። ለልጁ ሠርግ ጋቢ ሊገዛ ነው። ስልኩ ላይ ሱቁ «ክፍት» ይላል። ሲደርስ ግን በሩ ተቆልፏል። የሱቁ ባለቤት ሐጂ ለጁምዓ ሶላት ሄደዋል። ሰውየው ትንሽ ጠብቆ ከሌላ ሱቅ ገዝቶ ተመለሰ። ሐጂ ነገሩን የሰሙት ከጎረቤታቸው ነው። ማታውኑ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ገበያው ማምለጡ አይደለም የቆጨኝ። ሰውን ዋሽተን ማስመጣታችን ነው» አሉኝ።

ዌብሳይቱን ባለፈው ዓመት የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። ስለዚህ ዛሬ ሌላውን ሥራ ወደ ጎን አድርጌ ኮዱን ከፈትኩ።

ለማያውቀው ሰው ነገሩን ላስረዳ። ገጹ ላይ «ከጠዋቱ 2፡00 እስከ ምሽቱ 1፡00» ተብሎ ሲጻፍ ሰው ይረዳዋል። የጎግል ማሽን ግን ይህ የሥራ ሰዓት ይሁን የአውቶቡስ መነሻ እርግጠኛ መሆን አይችልም። ስለዚህ ከገጹ ጀርባ ለማሽኑ ብቻ የሚሆን አጭር ማስታወሻ እናስቀምጣለን። አድራሻው ይህ ነው፣ የሚከፈተው በዚህ ሰዓት ነው፣ የዕቃው ዋጋ ይህ ነው ይላል። ስትራክቸርድ ዳታ የሚባለው ይኸው ነው። የሚጻፈው JSON-LD በሚባል የኮድ አጻጻፍ ነው። ቃላቱ የሚመጡት ደግሞ በ2011 ጎግል፣ ማይክሮሶፍትና ያሁ ተስማምተው ከጀመሩት schema.org ከተባለው መዝገብ ነው።

የሐጂ ገጽ ማስታወሻው አለው። ሰዓቱ ጋ ስደርስ ያገኘሁት ይህን ነው፦

```json
"dayOfWeek": ["Monday", "Tuesday", "Wednesday",
  "Thursday", "Friday", "Saturday"],
"opens": "02:00",
"closes": "01:00"
```

ገባኝ። የሱቁን ሰዓት የሚሞላው የሐጂ ልጅ ነው። እኔ በሠራሁለት ሰንጠረዥ ላይ «የሚከፈትበት» የሚል ሳጥን አለ። እሱም የሚያውቀውን ሰዓት ሞላ። 2 ሰዓት ይከፈታል፣ 1 ሰዓት ይዘጋል። ትክክል ነው። እኔም ቁጥሩን ሳልቀይር ለገጹም ለማሽኑም አንድ ላይ አሳለፍኩት። ገጹ ላይ እውነት ሆነ። ኮዱ ውስጥ ሐሰት ሆነ።

ማሽኑ የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው፣ እስከ 24። ለእሱ 02:00 ማለት ሌሊት 8 ሰዓት ነው። መዝጊያው ከመክፈቻው ካነሰ ደግሞ «በማግስቱ ይዘጋል» ብሎ ነው የሚረዳው። ስለዚህ በዚህ ኮድ መሠረት የሐጂ ጋቢ ቤት ሌሊት 8 ሰዓት ይከፈታል፣ በማግስቱ ሌሊት 7 ሰዓት ይዘጋል። በቀን 23 ሰዓት ክፍት ነው ማለት ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ አሮጌውን ኮድ ሳልነካ በጎግል መሞከሪያ ማሳለፍ ነበር። Rich Results Test ይባላል። የገጹን አድራሻ ትሰጠዋለህ፣ ያነበበውን ይነግርሃል። ውጤቱ አረንጓዴ ነው። አንድም ስህተት የለም።

ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ቢቆም ደስ ይለኛል። መሞከሪያው የሚያየው ቅርጹን ብቻ ነው። 02:00 በትክክል የተጻፈ ሰዓት ነው። ሐጂ በዚያ ሰዓት ተኝተው እንደሆነ ማሽኑ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ አረንጓዴውን አይቶ መዝጋት አይበቃም። ውጤቱን ከፍቶ እያንዳንዱን ቁጥር እንደ ደንበኛ ማንበብ ያስፈልጋል። እኔ ባለፈው ዓመት ይህን አላደረግሁም።

መፍትሔው ላይ ብዙ አሰብኩ። አንዱ መንገድ ልጁን «ስድስት ሰዓት እየደመርክ ሙላ» ማለት ነው። ይህ አይሠራም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 6 ሲደመር 08:00 ይመጣል፣ ጥሩ። ምሽት 1 ሰዓት ላይ 6 ሲደመር ግን 07:00 ነው የሚመጣው። ማታውን 18 ነው መደመር ያለብህ፣ ያኔ 19:00 ይሆናል። ደንበኛ እያስተናገደ ይህን ሁሉ አስታውስ ማለት ከባድ ነው።

ስለዚህ አሠራሩን ገለበጥኩት። ሰንጠረዡ ውስጥ ቁጥር መጻፍ ቀረ። ልጁ ከዝርዝር ይመርጣል፦ «ጠዋት 2፡00»፣ «ቀን 6፡00»፣ «ምሽት 1፡00»። ከጀርባ የሚቀመጠው 08:00፣ 12:00፣ 19:00 ነው። ለማሽኑ እንዳለ ይሄዳል። ለሰው ሲታይ ደግሞ ይህች አጭር ኮድ ወደ እኛ ሰዓት ትመልሰዋለች፦

```js
function habeshaSeat(t) {
  const [h, m] = t.split(":").map(Number);
  const s = (h + 6) % 12 || 12;
  return s + "፡" + String(m).padStart(2, "0");
}
```

በእጄ ሞከርኳት። 08:00 ሲገባ 2፡00 ይወጣል። 19:00 ሲገባ 1፡00 ይወጣል። ያስፈራኝ 06:00 ነበር፣ ምክንያቱም ንጋት 12 ሰዓት 0 ሆኖ ሊወጣ ይችላል። መጨረሻ ላይ ያለችው 12 ያንን ትይዛለች። «ጠዋት» እና «ምሽት» የሚሉት ቃላት ከዝርዝሩ ይመጣሉ።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ጁምዓ። የሥራው ዋና ምክንያት እሱ ነው።

ሐጂን ሱቃቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። «አርብ ስንት ሰዓት ላይ ይዘጋሉ?»

«አምስት ተኩል ላይ። ውዱእ አለ፣ መንገዱም አለ።»

«መመለሻውስ?»

«ስምንት ሰዓት። ሰው ሰላም ስትል ትዘገያለህ። ስምንት በለው፣ አብሽር።»

ይህ በአንድ መስመር አይጻፍም። ለአንድ ቀን ሁለት መስመር መስጠት ግን ይቻላል፣ ማሽኑም ይረዳዋል። አርብን ከሌሎቹ ቀናት አወጣሁትና ለብቻው እንዲህ ጻፍኩት፦

```json
{"@type": "OpeningHoursSpecification",
 "dayOfWeek": "Friday",
 "opens": "08:00", "closes": "11:30"},
{"@type": "OpeningHoursSpecification",
 "dayOfWeek": "Friday",
 "opens": "14:00", "closes": "19:00"}
```

እሑድ ዝግ ነው። ዝግ መሆኑ በግልጽ እንዲታወቅ ከፈለግህ መክፈቻውንም መዝጊያውንም 00:00 ታደርጋለህ። እኔ እንደዚያ አደረግሁ። ቀኑን ጨርሶ ካልጻፍከው «ዝግ ነው» እና «ረስቶት ነው» አይለዩም።

ማታ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ያቃጠለኝ ነገር ነበር። ከላይ ያለውን ስጽፍ መሞከሪያው ኮዱን ጨርሶ ማንበብ አቃተው። ቅንፎቹን ቆጠርኩ። ነጠላ ሰረዞቹን አየሁ። ሁሉም ልክ ነው። መጨረሻ ላይ ኮዱ ውስጥ የእንግሊዝኛዋን ባለሁለት ነጥብ በፍለጋ አስፈለግኩ። ሁሉም ቦታ ቀለም ገባ፣ አንድ ቦታ ብቻ ቀረ። "opens" ከሚለው ቀጥሎ ያለችው የእኛ ሁለት ነጥብ ነበረች፣ ፡። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እያለ ነው የጻፍኳት። ለዓይን አንድ ናቸው። ለማሽን አይደሉም። በአማርኛ ኪቦርድ የምትሠሩ ሁሉ ኮዱ «አይነበብም» ከተባላችሁ መጀመሪያ ይህን ፈልጉ። ከቴሌግራም የተቀዳ ኮድም ተመሳሳይ ጣጣ አለው፤ የጥቅስ ምልክቱ ተጠማዝዞ ሊመጣ ይችላል።

አርብ፣ ጥር 22

ዛሬ አድራሻው። ቀላል መስሎኝ ነበር።

የማሽኑ ሳጥኖች መንገድ፣ ከተማ፣ ክልል፣ አገር ይላሉ። እኛ ጋ ደግሞ አድራሻ በምልክት ነው የሚነገረው። ከባንኩ ጎን፣ ከፎቁ ሥር፣ ወደ ሆጤ ስትወርድ። streetAddress በሚለው ላይ «ፒያሳ» እና ሱቁ ያለበትን ሕንፃ ስም ብቻ አስገባሁ። ከተማው ደሴ። አገሩ ET። ክልሉ ላይ «አማራ» ስጽፍ ሐጂ በትከሻዬ በኩል አዩት።

«ወሎስ የት ሄደ?»

ሳጥኑ የሚጠይቀው ከአገር ቀጥሎ ያለውን አስተዳደር ነው። ወሎ ዛሬ በዞን ደረጃ ነው ያለው፣ ደሴም የደቡብ ወሎ ከተማ ናት። ይህን ነገርኳቸው። ግን ጥያቄያቸው ልክ ነው። ሰው የሚፈልገው «የወሎ ጋቢ» ብሎ ነው። ስለዚህ ወሎን ሰው በሚያነበው ጽሑፍ ላይ፣ ከገጹ አናት፣ በትልቁ አስቀመጥኩት። ማሽኑ እሱንም ያነባል።

ስልኩ በ +251 ይጀምራል፣ የፊቱ ዜሮ ይወጣል።

ቀጥሎ የካርታው ነጥብ። መጀመሪያ latitude፣ ከዚያ longitude። ደሴ በግምት 11.13 እና 39.63 ላይ ናት። ሁለቱን ብታቀያይራቸው ምን ይሆናል ብዬ ካርታው ላይ አስገባኋቸው። ሱቁ በሰርዲኒያ ደሴትና በጣሊያን መካከል ባሕር ላይ ተገኘ። መሞከሪያው ይህንንም ስህተት አይለውም፣ ሁለቱም ትክክለኛ ቁጥሮች ናቸውና። ለከተማ ሁለት አሃዝ ይበቃል። ለሱቅ ግን ጎግል ከነጥቡ በኋላ ቢያንስ አምስት አሃዝ ይፈልጋል። ሱቁ በር ላይ ቆሜ ከስልኬ ወሰድኩት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው አንድ ነገር በትክክል የገባኝ። የኮምቦልቻው ሰው ያየው «ክፍት» የሚለው ቃል ከእኔ ኮድ ብቻ የመጣ አይመስለኝም። የሱቅ ስም ሲፈለግ ከጎን የሚመጣው ሳጥን፣ ካርታውና ሰዓቱ ያለበት፣ በዋናነት የሚሞላው ባለቤቱ በጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ላይ ካስገባው ነው። የሐጂ ልጅ ፕሮፋይሉን በስልኩ ከፈተልኝ። እዚያም ላይ አርብ እንደሌላው ቀን ነው፣ ከጠዋት እስከ ማታ። ጁምዓ የለም።

ኮዱን ብቻ አስተካክዬ ብሄድ ኖሮ ሌላ ሰው በሚቀጥለው አርብ ዳገቱን በከንቱ ይወጣ ነበር። ሁለቱንም አንድ ዓይነት አደረግናቸው። ፕሮፋይሉ ላይም አርብ ሁለት መስመር ይፈቅዳል። ዌብሳይቱና ፕሮፋይሉ የተለያየ ነገር ሲናገሩ ጎግል የትኛውን እንደሚያምን አንተ አትወስንም።

ሰኞ፣ ጥር 25

ዋጋ። ዛሬ የተከራከርነው ከኮድ በላይ በገበያ ነው።

ሐጂ ዋጋ መለጠፍ አይወዱም። «ክርክር የሌለበት ገበያ ምኑን ገበያ ሆነ?» አሉኝ። አልተቃወምኳቸውም። ግን ከአዲስ አበባ የሚደውል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ መሆኑን ራሳቸው ያውቃሉ። ጋቢውና ነጠላው ዋጋቸው ቁርጥ ነው፣ እነሱ ይጻፉ አልን። ቡልኮው በትእዛዝ የሚሠራ ስለሆነ ዋጋው እንደ መጠኑ ነው፣ እሱ ይቅር።

ለቡልኮው ገጽ የምርት ማስታወሻም አላስገባሁለትም። ጎግል ምርትን በውጤቱ ላይ ለማሳየት ከስሙ ጋር ቢያንስ ዋጋ፣ ወይም የደንበኛ አስተያየት፣ ወይም የኮከብ አማካይ ይፈልጋል። ሐጂ ጋ የተሰበሰበ አስተያየት የለም። የሌለ ኮከብ መጻፍ ማታለል ነው፣ ጎግልም ይቀጣበታል።

አሮጌው ዌብሳይት ሦስቱንም በአንድ ገጽ ላይ ደርድሮ ነበር። ይህ ለሰው ምንም አይደለም። ጎግል ግን የምርት ዋጋ የሚያሳየው ገጹ ስለ አንድ ዕቃ ሲሆን ነው። ስለዚህ ጋቢውን ለብቻ፣ ነጠላውን ለብቻ አወጣሁ። የጋቢው ዋጋ እንዲህ ሆነ፦

```json
"offers": {
  "@type": "Offer",
  "price": "3200",
  "priceCurrency": "ETB",
  "priceValidUntil": "2026-03-09",
  "availability": "https://schema.org/InStock"
}
```

ገጹ ላይ «3,200 ብር» ይላል፣ ኮዱ ውስጥ ግን ነጠላ ሰረዝም ብርም የለም፣ ቁጥር ብቻ። ብር መሆኑን የሚናገረው ETB ነው። ዋጋው ለሰው የሚታይ መሆን አለበት። ኮድ ውስጥ ብቻ የተደበቀ ዋጋ ከደንቡ ውጪ ነው።

አሁን ቀኑን እዩት። ሐጂ «ይህ ዋጋ እስከ የካቲት መጨረሻ ነው፣ ከዚያ የድሩና የማጉ ዋጋ ያውቃል» አሉ። ልጁ ሰንጠረዡ ላይ 2018-06-30 ብሎ ሞላ። የካቲት 6ኛ ወር፣ ቀን 30፣ ዓመት 2018። በእኛ አቆጣጠር እንከን የለውም። ማሽኑ ግን የሚያነበው በፈረንጅ ነው። ለእሱ ይህ ከሰባት ዓመት በፊት ያለፈ ቀን ነው። ቀኑ ያለፈበት ዋጋ ደግሞ በውጤቱ ላይ ላይታይ ይችላል። የሰዓቱ ጣጣ በሌላ በር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። እሱም ቅርጹ ልክ ነው፣ መሞከሪያውም አንብቦ ይቀበለዋል።

የካቲት 30 ቀን 2018 ማለት 2026-03-09 ነው። ዓመቱን በጭፍን 8 ደምሮ መሄድም አያዋጣም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ነው፣ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ሲገባ 8 ይሆናል። ስለዚህ እዚህም ቁጥር መጻፍ አስቀረሁ። ልጁ ከኢትዮጵያ ካላንደር ላይ ቀኑን ይነካል፣ መለወጡን ኮዱ ይሠራል።

ረቡዕ፣ ጥር 27

ገጾቹን አወጣሁ። ሰርች ኮንሶል በሚባለው የጎግል የዌብሳይት ባለቤቶች መሣሪያ ላይ URL Inspection ገብቼ ለሦስቱ ገጾች Request Indexing አልኩ፣ ጎግል መጥቶ ያንብባቸው ማለት ነው። ከዚህ በኋላ መጠበቅ ነው። ሐጂን አስቀድሜ ነገርኳቸው፦ ኮዱ ልክ ቢሆንም ጎግል አሳያለሁ ብሎ ቃል አይገባም። ማሳየት ይችላል፣ መወሰን የእሱ ነው።

«ከአላህ ነው በለኝ» አሉ። ሻይ አስመጡልኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ጋቢው ታየ። ከርዕሱ ሥር ETB እና 3,200 ይላል፣ ዕቃው መኖሩንም ይናገራል። የነጠላው ገጽ ገና ነው። ኮዱን ደግሜ አነበብኩት፣ ልዩነት የላቸውም። ስለዚህ አልነካሁትም።

አርብ፣ የካቲት 6

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬን ይዤ ከሱቁ በር ፊት ቆምኩ። በሩ ተቆልፏል። ስልኩም «ዝግ» ይላል፣ 2 PM ላይ እንደሚከፈትም ጽፏል። ስምንት ሰዓት ማለት ነው። ሐጂ ስምንት ሊሆን አምስት ጉዳይ ላይ መጡ። አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡት፣ ከዚያ ቀና ብለው የግድግዳ ሰዓታቸውን አዩ።

የተረፉ ሁለት ነገሮች አሉ። የካቲት 23 የዐድዋ በዓል ነው፣ ሱቁ ይዘጋል። መጀመሪያና መጨረሻ ቀን በሚጻፍባቸው validFrom እና validThrough ላይ ሁለቱም 2026-03-02 ብዬ፣ ሰዓቱን 00:00 አድርጌ አስገብቻለሁ፣ ፕሮፋይሉ ላይም እንዲሁ። ረመዳን ደግሞ ደርሷል። ሐጂ በጾሙ ከጠዋቱ 3 እስከ 11 ሰዓት ነው የሚሠሩት፣ 09:00 እና 17:00። አርብ ያው ሁለት መስመር ነው፣ መክፈቻውና የማታ መዝጊያው ብቻ ይቀየራል። ሰዓቱን አዘጋጅቼ የመጀመሪያውን ቀን ባዶ ተውኩት። ጨረቃ መታየቷ ሲነገር ልጁ ቀኑን ይነካል።